«በውላችን አንቀጽ 14 መሠረት»፦ የማቋረጫ ደብዳቤ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስ ለምን ለይቶ መናገር አለበት?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊፈረም የተዘጋጀ ደብዳቤ «እስቲ አንድ ጊዜ እየው» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ደብዳቤው አጭር ነበር። «ድርጅታችሁ የማሽኖቻችንን ጥገና በውሉ በተመለከተው አኳኋን ባለማከናወኑና በተደጋጋሚ ተነግሮት ባለማስተካከሉ፣ በውላችን አንቀጽ 14 መሠረት ውሉን ያቋረጥን መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ሲያነቡት ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ምክንያት አለው፣ አንቀጽ ጠቅሷል፣ ቃሉም ጨዋ ነው።

ውሉን አምጣው አልኩትና አንቀጽ 14ን አብረን ገለጥን። ንዑስ አንቀጽ 14.1 ደንበኛው ምንም ምክንያት ሳይሰጥ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። እንዲህ ሲያደርግ ግን ለተሠራው ሥራ ከሚከፍለው በተጨማሪ የሁለት ወር አገልግሎት ዋጋ ለጥገና ድርጅቱ ይከፍላል። 14.2 ስለ ጥፋት ነው። ከተዘረዘሩት ጥሰቶች አንዱን የፈጸመ ወገን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት በ30 ቀን ውስጥ ካላረመ፣ ሌላው ወገን ውሉን አቋርጦ የደረሰበትን ጉዳት መጠየቅ ይችላል። 14.3 ደግሞ የጥገና ድርጅቱ ቢከስር ወይም የሥራ ፈቃዱ ቢሰረዝ ውሉ ወዲያውኑ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል።

እንግዲህ «አንቀጽ 14» ያልነው ሦስት በር ያለው ቤት ነው። በአንደኛው በር የሚወጣ ገንዘብ ከፍሎ ይወጣል። በሁለተኛው የሚወጣ ካሳ እየጠየቀ ይወጣል፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ 30 ቀን መጠበቅ ግን አለበት። በሦስተኛው የሚወጣ ምንም ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ መክሰሩን ወይም የፈቃዱን መሰረዝ ማሳየት ግን ግዴታው ነው። ደብዳቤያችን በየትኛው በር እንደወጣን አልተናገረም።

አንባቢውን አስቡት። ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው ወዳጅ ሆኖ አያነበውም፤ በማግስቱ ለጠበቃው ይሰጠዋል። ጠበቃው ደግሞ ለደንበኛው የሚበጀውን ንባብ ይመርጣል። «ምክንያቱ በዝርዝር አልተገለጸም፣ የትኛው ጥሰት እንደሆነም አልተባለም፤ ስለዚህ ይህ በ14.1 የተደረገ ማቋረጥ ነውና የሁለት ወሩን ክፍያ አምጡ» ሊል ይችላል። ወይም ከዚህ የከፋውን ይመርጣል። «14.2 ነው ካላችሁ ማስጠንቀቂያው በትክክል አልተሰጠም፤ ያለ መብታችሁ አቋርጣችኋልና ውል ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ይኼኛው የምር ያስፈራል፤ ተበዳይ ነኝ ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ወገን ተከሳሽ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አንቀጽ ለይቶ መጥቀስ ለደብዳቤው ማማሪያ ይመስላቸዋል አንዳንዶች። የተጠቀሰው አንቀጽ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ገንዘብ እስከ መወሰን ይደርሳል። ለዚህ በፍርድ ቤት የተወሰነ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፎንስ ፎር ዩ የተባለ የእንግሊዝ የሞባይል ስልክ ቸርቻሪ ችግር ላይ ወድቆ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ከእሱ ጋር ውል የነበረው ኢኢ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በመስከረም ወር አጋማሽ ገደማ የማቋረጫ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው የጠቀሰው 14.1.2ን ነበር። ይህ ንዑስ አንቀጽ አስተዳዳሪ ከተሾመ ውሉን ወዲያው ለማቋረጥ የሚፈቅድ ነው፤ ጥፋት መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ኢኢ ዞር ብሎ «እናንተም እኮ ሥራ አቁማችሁ ውሉን ጥሳችሁ ነበር፤ ውሉ እስከ መጨረሻው ቢቀጥል እናገኘው የነበረውን ጥቅም ካሱን» ሲል ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። የለንደኑ ፍርድ ቤት በ2018 ይህን ጥያቄ አልተቀበለም። ውሉ የተቋረጠው ከጥፋት ጋር ባልተያያዘ መብት ነው፤ ደብዳቤውም ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል፤ ስለዚህ የቀረው የውል ዘመን ጥቅም የጠፋው ኢኢ ራሱ በመረጠው ማቋረጥ ነው አለ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ሌሎች መብቶቻችን እንደተጠበቁ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረው። እሱም አላዳነውም።

ይህች ዐረፍተ ነገር በእኛም ደብዳቤዎች ግርጌ ሁልጊዜ አለች። መጻፏ አይጎዳም። ነገር ግን ከላይ በአንድ በር ወጥቶ የነበረን ሰው ከታች በሌላ በር እንደወጣ አታደርገውም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ እያንዳንዱ የቁጥር ስሕተት ደብዳቤን ዋጋ ያሳጣል ማለት አይደለም። እዚያው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የጌቶች ምክር ቤት ባየው የማናይ ጉዳይ፣ ተከራዩ ኪራዩን የሚያቋርጥበትን ቀን ጥር 13 ማለት ሲገባው ጥር 12 ብሎ ጽፎ ነበር። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ፣ ውሉን የሚያውቅ ማንኛውም ተቀባይ ምን ለማለት እንደተፈለገ ሳይጠራጠር ይረዳል ብለው ደብዳቤውን አጸደቁት፤ ሁለቱ ግን አልተስማሙም። ከደጋፊዎቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ ሆፍማን እንኳ፣ ውሉ ማስታወቂያው በሰማያዊ ወረቀት ይሁን ካለ በሮዝ ወረቀት ልኮ ዋጋ የለውም ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ለአንዲት ቀን ስሕተት እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት መሄድና እዚያም በአንድ ድምፅ ብልጫ ማሸነፍ ምን ያህል ድል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ ሥርዓት በደብዳቤው ባይጠቀስም በጊዜው የነበረን በቂ ምክንያት በኋላ እንድታነሡ ይፈቅዳል። ይህ ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ለሚጠይቅ አንቀጽ ብዙም አይረዳም፤ ያልተሰጠን ማስጠንቀቂያ ወደ ኋላ ተመልሶ መስጠት አይቻልምና።

ወደ ጥገናው ውል ልመለስ። ባልደረባዬ ማለት የፈለገው 14.2(ለ)ን እንደነበር ስንነጋገር ገባኝ። የጥገና ድርጅቱ ማሽን ሲቆም ተጠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ ሲገባው እየዘገየ ነበር። «እሺ፣ እንግዲያው ቃሉን እንዳለ እናስገባው» አልኩና አንቀጹን እንዲገለብጥ ነገርኩት። ከኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ አመጣ። የገለበጠው ላይ ቁጥሩ 13.2(ለ) ይላል።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። እሱ የከፈተው ፋይል በድርድሩ ወቅት የነበረውን ረቂቅ ነው። ከመፈረሙ በፊት ስለ ምስጢር አጠባበቅ አንድ አንቀጽ ገብቶ ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ ከፍ ብለዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር በየቢሮው አለ። የጽሑፍ ፕሮግራሙ የአንቀጽ ቁጥሮችን በራሱ ያስተካክላል፤ በጽሑፉ መሀል በእጅ የተተየበውን «በአንቀጽ 13 እንደተመለከተው» ግን አይነካም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፣ ጥቅስ የሚወሰደው ሁለቱም ወገኖች ከፈረሙበት ቅጂ ነው። ኮምፒውተር ላይ ካለው ፋይል ገልብጦ ጊዜ መቆጠብ ይቻላል፤ የተገለበጠውን ግን ከተፈረመው ወረቀት ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ግድ ነው። የተፈረመው ስካን ተደርጎ ኮምፒውተሩ ወደ ጽሑፍ የቀየረው ከሆነም መመሳከሩ አይቀርም። ቁጥርን በቁጥር፣ ተመሳሳይ ፊደልን በፊደል እየተካ የሚሳሳት ነገር ነው።

የተፈረመውን አወጣን። 14.2(ለ) እንዲህ ይላል፦ «አገልግሎት ሰጪው በማናቸውም ተከታታይ ሦስት ወራት ውስጥ ለአስቸኳይ ጥሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ሳይደርስ ከሦስት ጊዜ በላይ የቀረ እንደሆነ»። ባልደረባዬ አራት መዘግየቶች መዝግቧል፤ ታኅሣሥ 12፣ ጥር 7፣ ጥር 25 እና የካቲት 19። አራት ከሦስት ይበልጣል፤ ደስ አለው።

እዚህ ላይ በቅንፍ ያልተጻፈ፣ በቀለም ያልተለየ አንድ ወጥመድ አለ። «አስቸኳይ ጥሪ» የሚለው ሐረግ በአንቀጽ 1 ትርጓሜ ተሰጥቶታል። አስቸኳይ ጥሪ ማለት በአባሪ 3 በተጻፈው ስልክ ተደውሎ የጥሪ ቁጥር የተሰጠው ነው ይላል። የጥር 25ቱ ጥሪ ለቴክኒሻኑ የግል ስልክ የተደወለ ነበር፤ የጥሪ ቁጥር የለውም። ወጣ። ቀረን ሦስት። ሦስት ደግሞ «ከሦስት ጊዜ በላይ» አይደለም።

ደብዳቤውን እንዲያው ቢልከው ኖሮ ጥቅሱ ራሱ ይመሰክርበት ነበር። አንቀጽን ቃል በቃል መጥቀስ ለተቀባዩ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ፤ ጸሐፊውን ከፍሬ ነገሩ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል። «አገልግሎቱን በአግባቡ አልሰጣችሁም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ በየትኛው ስልክ ብሎ ራሱን አይጠይቅም። «ከሦስት ጊዜ በላይ» ብሎ በገዛ እጁ የተየበ ሰው ግን መቁጠሩ አይቀርም።

ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መሰለን። ደግነቱ ማኅደሩ ውስጥ ሌላ ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር፤ «ማሻሻያ ቁጥር 1» የሚል። ውሉ ከተፈረመ ከስምንት ወር በኋላ የተደረገ ነው፤ በሁለቱም ወገን ተፈርሟል። በ14.2(ለ) ውስጥ «ከሦስት ጊዜ በላይ» የሚለው ተሰርዞ «ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ» በሚል ተተክቷል። ሦስቱ መዘግየቶች በቂ ሆኑ። ስለዚህ ዋናውን ውል ብቻ አይቶ መጥቀስ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሕጉ ስሕተት የሆነ ጥቅስ ያስገኛል። ማሻሻያ፣ ተጨማሪ ውል፣ ልዩ ሁኔታዎች የሚባል ክፍል፣ አባሪ፣ ሁሉም ከመጠቀሳቸው በፊት አንዱ ሌላውን ሽሮት እንደሆነ መታየት አለበት። ሲጠቀስም «በማሻሻያ ቁጥር 1 እንደተሻሻለው» ተብሎ ነው።

አሁን ጥቅሱን እንዴት እንደምንጽፈው። ብዙ ሰው (ለ)ን ብቻ ቆርጦ ያወጣል። (ለ) ግን ብቻውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ የሚንጠለጠለው ከ14.2 መግቢያ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያውና 30 ቀኑ ያሉት መግቢያው ውስጥ ነው። (ለ)ን ብቻ የጠቀሰ፣ መብቱን ጠቅሶ ቅድመ ሁኔታውን የደበቀ ይመስላል፤ ተቀባዩም የቀረውን ራሱ ጠቅሶ ይመልስለታል። ስለዚህ መግቢያው ይጻፋል፤ ከዚያ የማያስፈልጉት (ሀ) እና (ሐ) ይዘለላሉ፤ መዘለላቸው በሦስት ነጥብ ይታያል። ሦስት ነጥብ የምትገባው የተዘለለው ነገር የቀረውን ትርጉም የማይለውጥ ሲሆን ብቻ ነው። «ካልሆነ በስተቀር»፣ «ሆኖም»፣ «በአንቀጽ ይህን ያህል የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚሉትን በሦስት ነጥብ መዋጥ ማጭበርበር ነው፤ ባይሆን እንኳ ማጭበርበር ይመስላል።

እናንተ የጨመራችሁት ማብራሪያ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ለምሳሌ «አገልግሎት ሰጪው [የእናንተ ድርጅት]»። ከዚያ ውጭ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ የውሉ ነው። ውሉ የፊደል ግድፈት ቢኖረው እንኳ አታርሙት፤ እንዳለ ገልብጡና [እንዳለ የተወሰደ] በሉ። ለማጉላት ከሥሩ ብታሰምሩ ማስመሩ የእናንተ እንደሆነ ተናገሩ። «እና» የነበረውን «ወይም» ማድረግ፣ «የሥራ ቀን» የነበረውን «ቀን» ማለት፣ «ይችላል» የነበረውን «አለበት» ብሎ መጻፍ፣ እነዚህ በችኮላ የሚደረጉ ናቸው፤ ውልን የሚቀይሩትም እነሱ ናቸው። ቃሉን በራሳችሁ አነጋገር ማስረዳት ከፈለጋችሁ ከጥቅሱ በኋላ፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ አድርጉት። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ ደግሞ ሲጋጩ የትኛው እንደሚገዛ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉና ከዚያኛው ቋንቋ ጥቀሱ። የራሳችሁን ትርጉም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አታስገቡ።

ማስጠንቀቂያው ነገርም ነበር። ባልደረባዬ መጋቢት 1 ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ እንደ አጋጣሚ እሱ 14.2(ለ)ን በትክክል ይጠቅሳል። 30 ቀኑን ከመጋቢት 1 ቆጥሮ የማቋረጫውን ደብዳቤ ሚያዝያ 2 ሊያወጣው ነበር። የውሉ ቃል ግን «ማስጠንቀቂያ ደርሶት» ነው የሚለው። የመረካከቢያው ፊርማ መጋቢት 3 ያሳያል። የደረሰበት ቀን ሳይቆጠር ከመጋቢት 4 ብንጀምር ሠላሳኛው ቀን ሚያዝያ 3 ላይ ይውላል። ሚያዝያ 2 የሚወጣ ደብዳቤ ገና ያልበሰለ መብት ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ጥቅሱ ውስጥ «ደርሶት» የምትለው አንዲት ቃል ናት ሁለት ቀን ያዳነችው።

ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ሆኖ ተጻፈ።

«ጉዳዩ፦ የማሽን ጥገና አገልግሎት ውልን በንዑስ አንቀጽ 14.2(ለ) መሠረት ስለማቋረጥ

በመካከላችን የተፈረመው የማሽን ጥገና አገልግሎት ውል፣ በማሻሻያ ቁጥር 1 እንደተሻሻለው፣ በንዑስ አንቀጽ 14.2(ለ) ሥር እንዲህ ይላል፦

"14.2 ከሚከተሉት አንዱን የፈጸመ ወገን ጥሰቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት በ30 ቀን ውስጥ ካላረመ፣ ሌላው ወገን ይህን ውል በጽሑፍ በማስታወቅ ሊያቋርጥ ይችላል፦ ... (ለ) አገልግሎት ሰጪው በማናቸውም ተከታታይ ሦስት ወራት ውስጥ ለአስቸኳይ ጥሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀረ እንደሆነ፤ ..."

ድርጅታችሁ ታኅሣሥ 12፣ ጥር 7 እና የካቲት 19 በአባሪ 3 በተመለከተው ስልክ ለተደረጉለት አስቸኳይ ጥሪዎች በ24 ሰዓት ውስጥ አልደረሰም፤ የጥሪ ቁጥሮቹ ተያይዘዋል። ይህን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጋቢት 3 ቀን ደርሷችኋል። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ጥሰቱ አልታረመም፤ መጋቢት 22 ለተደረገው ጥሪም ባለሙያ የመጣው ከ41 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በንዑስ አንቀጽ 14.2(ለ) በተሰጠን መብት ውሉን ይህ ደብዳቤ ከሚደርሳችሁ ቀን ጀምሮ አቋርጠናል።»

ልብ በሉ፣ ከጥቅሱ በኋላ ያለው ሁሉ የጥቅሱን ቃል ተከትሎ የሚሄድ ነው። አስቸኳይ ጥሪ ላለው ስልኩ፣ ሦስት ጊዜ ላለው ሦስቱ ቀን፣ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ላለው የደረሰበት ቀን፣ ካላረመ ላለው ከዚያ በኋላ የሆነው። ለአንዱ ቃል መልስ ከጎደለ፣ ደብዳቤው ለመላክ አልበሰለም። ግሡም የውሉ ነው፤ ውሉ «ሊያቋርጥ» ካለ «ሰርዘናል» ወይም «አግደናል» አይባልም። ማገድ ለጊዜው ማቆም ነው፤ መሰረዝን ደግሞ ውሉ ከመነሻው እንዳልነበረ ማድረግ ነው ብሎ የሚተረጉመው አለ።

«ለጥንቃቄ 14.1ንም አብረን ብንጠቅስስ?» አለኝ ባልደረባዬ። ይህ ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል፤ ሁለት ገመድ ከአንድ ይሻላል በሚል። አንዳንዴ እውነት ነው። ሁለት የጥሰት ምክንያቶች ካሉ ሁለቱንም፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከነማስረጃው፣ «እያንዳንዱ ብቻውን በቂ ነው» ብሎ መጥቀስ ይቻላል። 14.1 ግን ክፍያ ያስከትላል፤ 60 ቀንም ይፈልጋል። «ወዲያው አቋርጠናል» ከሚል ደብዳቤ ጋር አብሮ አይቆምም፤ የሁለት ወሩን ክፍያ ለመጠየቅም ለተቀባዩ በር ይከፍትለታል። ተለዋጭ ሆኖ ሊገባ የሚችልበት አጻጻፍ አለ፤ ያን ያህል ገንዘብ ካለበት ግን የሕግ ባለሙያ አይቶት ቢወጣ ይሻላል። የእኛው ያለ 14.1 ወጣ።

አንቀጽ 22 ማስታወቂያ በማን ስም፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ይናገራል፤ ኢሜይል ብቻውን አይበቃም ይላል። እሱንም አየን። ከመፈረሙ በፊት ባልደረባዬ የተፈረመውን ውልና ማሻሻያውን ይዞ ጮክ ብሎ አነበበ፣ እኔ ደብዳቤውን በጣቴ እየተከተልኩ። «ወይም ከዚያ በላይ» ላይ ስንደርስ ቆም አልን፤ ደብዳቤው ላይ «እና ከዚያ በላይ» ተብሎ ተተይቦ ነበር።